መቼ መቆየት፣ መቼ አለመቆየት፦ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ጥርስና ድድ

ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ሲደማ ወይም ጥርሷ ሲጠዘጥዛት ከቤተሰብም ከጎረቤትም ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «እስክትወልጂ ቻይው።» ምክሩ የመጣው ለፅንሱ ከመሳሳት ነው። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ መጨፍለቁ ነው። የሚደማ ድድን ማጽዳት አይቆይም። ካስመለሰ በኋላ ጥርስ መቦረሽ ግን መቆየት አለበት። የጥርስ ሕክምና ደግሞ እንደ ሕመሙ ዓይነት አንዱ ይቆያል፣ ሌላው አይቆይም። ይህ ትምህርት ሦስቱን አንድ በአንድ፣ ከነምክንያታቸው ያስረዳል።

አንደኛ፦ የሚደማና የሚያብጥ ድድ

በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች በደም ውስጥ በጣም ይጨምራሉ። እነዚህ ሆርሞኖች በድድ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፋሉ፤ ፈሳሽም ከሥሮቹ በቀላሉ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ስለዚህ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል። ለውጡ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወር አካባቢ ይጀምራል፤ እስከ ስምንተኛው ወር እየጨመረ ይሄዳል፤ ከወሊድ በኋላ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሆርሞኑ ብቻውን ድድን አያሳምምም። በሽታውን የሚጀምረው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚጋገረው፣ ባክቴሪያ የሞላበት ለስላሳ ቆሻሻ ነው። ሆርሞኑ የሚያደርገው ድድ ለዚህ ቆሻሻ የሚሰጠውን ምላሽ ማባባስ ነው። ከእርግዝና በፊት ድዷ ችሎት የኖረው ጥቂት ቆሻሻ አሁን ያስቆጣዋል። ጥርሷን ከሥሩ አጥርታ የምታጸዳ ሴት ግን ሆርሞኗ እንደሌሎቹ ከፍ ቢልም ድዷ ብዙም አያብጥም።

ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ብሩሹ ላይ ደም ሲያዩ «ቆሰለ» ብለው ያንን ቦታ ይተዉታል። የተተወው ቦታ ቆሻሻ ይይዛል፤ ቆሻሻው ድዱን ይበልጥ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ድድ ይበልጥ ይደማል። ደም የሚታይበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ በእርጋታና በጥንቃቄ መጽዳት ያለበት ቦታ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይያዝ፤ ፀጉሩ ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል ይበል፤ ሳይጫኑ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ጥርሱ በውጭም በውስጥም ይጽዳ። ይህ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ደቂቃ ያህል ይደረግ። መፋቂያ የምትጠቀም ሴት ጫፉን አኝካ እንደ ብሩሽ ታለስልሰው፤ መፋቂያ ብዙ ጊዜ የማይደርስበትን የጥርስ የውስጥ ጎንም አትርሳ።

በዚህ መልክ ሲጸዳ ደሙ ባብዛኛው በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ካልቀነሰ ቆሻሻው ደርቆ እንደ ድንጋይ ከጥርሱ ጋር ተጣብቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህንን ብሩሽ አያነሳውም፤ የጥርስ ባለሙያ በመሣሪያ መጥረግ አለበት።

አልፎ አልፎ ደግሞ በሁለት ጥርሶች መካከል ቀይና ለስላሳ እባጭ ይበቅላል። ሲነካ ብዙ ይደማል፤ ስለዚህም ካንሰር ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ። ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይሟሽሻል። ለማኘክ ካስቸገረ ወይም ደጋግሞ ከደማ ግን በእርግዝና ጊዜም ሊነሳ ይችላል። ምንነቱን የሚወስነው ያየው ሐኪም ስለሆነ ሳይታይ አይተው።

ሁለተኛ፦ ማስመለስና የጥርስ መሟሟት

«ፅንሱ ካልሲየሙን ከእናቱ ጥርስ ይወስዳል» የሚል እምነት በብዙ ቦታ አለ። እውነት አይደለም። ፅንሱ የሚያስፈልገውን ካልሲየም የሚያገኘው እናቱ ከምትበላው ነው፤ ያ ካልበቃ ከአጥንቷ ይወሰዳል። በቅሎ ያደገ ጥርስ ግን ካልሲየሙን ወደ ደም አይመልስም። በእርግዝና ጊዜ ጥርስ የሚጎዳው ከውጭ ነው፤ አንዱ ጎጂም የጨጓራ አሲድ ነው።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ነው፤ አሲድ ግን ያሟሟዋል። የአፍ ውስጥ የአሲድነት ልክ ከ5.5 በታች ሲወርድ ሽፋኑ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። የጨጓራ አሲድ 2 አካባቢና ከዚያም በታች ይወርዳል። ሲያስመልስ ይህ አሲድ በተለይ የላይኛውን የፊት ጥርሶች የውስጥ ጎን ይመታል። አንድ ቀን ማስመለስ ጥርስ አያጠፋም፤ ለሳምንታት በየቀኑ ሲደጋገም ግን ሽፋኑ ይሳሳል። ምልክቶቹም አሉ፦ ቀዝቃዛ፣ ትኩስ ወይም ጣፋጭ ነገር ጥርስን ያንዘረዝራል፤ የፊት ጥርሶች ጫፍ ብርሃን እንደሚያሳልፍ መስታወት ይሳሳል፤ የውስጡ ጎን ለስልሶ ወደ ቢጫነት ይለወጣል።

ካስመለሰ በኋላ የአፍ መምረር ስለሚያስጠላ ወዲያው ብሩሽ ማንሳት የተለመደ ነው። ጉዳቱ የሚብሰው በዚህ ነው፤ አሲዱ ያለሰለሰው ሽፋን በብሩሹ ተፍቆ ይሄዳልና። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ በአንድ ኩባያ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ አፍን በደንብ መጉመጥመጥና መትፋት። ሶዳው አሲዱን ያረክሰዋል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ራሱ አሲድ ተጨምሮበታልና። ሶዳ ከሌለ ንጹሕ ውሃም ይጠቅማል። ብሩሹ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ምራቅ ሽፋኑን መልሶ ያጠናክረዋል።

ስለ ሎሚም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ማቅለሽለሽን ለማስታገስ ሎሚ ማሽተት ጥርስን አይነካም። ሎሚ ቆርጦ መምጠጥ ግን አሲድ በተመታ ጥርስ ላይ ሌላ አሲድ መጨመር ነው። ውሃ እንኳ አልረጋላት ያለች፣ ሽንቷ ያነሰና የጠቆረ፣ ክብደቷም የቀነሰ ሴት ነገሩ የጥርስ ብቻ አይደለም፤ ሳትቆይ ወደ እርግዝና ክትትሏ ትሂድ።

ሦስተኛ፦ የሕክምናው ጊዜ

የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ሊቆይ ለሚችል የጥርስ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ከ14ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ያለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማቅለሽለሹ ያይላል፤ መሣሪያ አፍ ውስጥ ሲገባም ቶሎ ያስመልሳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በጀርባ ሲተኛ ማሕፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ያዞራል፣ ያልባል። እንግዲህ መካከለኛው ጊዜ የተመረጠው ለምቾቱ ነው። ሌላው ጊዜ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም።

ለሕክምናው የሚያስፈልጉት ነገሮችስ ፅንሱን አይጎዱም ወይ? ሊዶካይን የተባለው የማደንዘዣ መርፌ በእርግዝና ጊዜ ይሰጣል። አስፈላጊ ሲሆን የጥርስ ራጅም ይነሳል፤ ጨረሩ በጣም ጥቂት ነው፣ የሚያነጣጥረውም አፍ ላይ ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይመረጣል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ሐኪም ሳያዝ አይወሰዱም፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ከፀረ ባክቴሪያዎች አሞክሳሲሊን ይሰጣል፤ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ግን የፅንሱን ጥርስ ስለሚያበላሹ ይቀራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 823 የድድ በሽታ ያለባቸውን ነፍሰ ጡር ሴቶች ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ከ21ኛው ሳምንት በፊት ድዱ ተጠርጎ ታከመ፤ ሁለተኛው ከወሊድ በኋላ ታከመ። ያለ ጊዜ መውለድ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ የታከሙት ሴቶች ድድ ግን ተሻሻለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የድድ ሕክምና በእርግዝና ጊዜ ያለ ጊዜ መውለድን አያመጣም፤ እንዲሁም ያስቀራል ተብሎ ተስፋ ሊሰጥበት አይገባም። የሚታከመው ለእናቲቱ አፍ ጤና ነው።

አሁን ሁሉንም በአንድ ምሳሌ እንይ

የዘጠኝ ሳምንት ነፍሰ ጡር እናስብ። በቀን ሦስት ጊዜ ያስመልሳታል፤ ሎሚ ትመጥጣለች፤ ድዷ ይደማል፤ የግራ የታች መንጋጋዋም ተቦርብሯል። ጣፋጭ ስትበላ መንጋጋው ጠቅ ያደርጋታል፤ ጣፋጩ ሲጠፋ ሕመሙም ወዲያው ይጠፋል። ወዲያው የሚጠፋ ሕመም የጥርሱ ነርቭ ገና እንዳልሞተ ያመለክታል፤ ስለዚህ ሙሌቱ ለ15ኛው ሳምንት ሊቀጠር ይችላል። እስከዚያው ሎሚውን ማሽተት ብቻ ታደርጋለች፣ ካስመለሰች በሶዳ ትጉመጠመጣለች፣ ብሩሹን ታቆያለች፣ የሚደማውን ጠርዝ ታጸዳለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሙ ቀንሶ ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ብቻ ከቀረ፣ እዚያ የደረቀ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ በ15ኛው ሳምንት ከሙሌቱ ጋር ይጠረጋል።

በ11ኛው ሳምንት መንጋጋው ሌሊት ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሳት ወይም ጉንጯ ቢያብጥስ? ቀጠሮው ይሰረዛል፤ በዚያው ቀን ትታከማለች። ሐኪሙ በሊዶካይን አደንዝዞ መግሉን ያወጣል፤ ከዚያም ነርቩን ያክማል ወይም ጥርሱን ይነቅላል። ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ እየሰፋ ከሆነ ፀረ ባክቴሪያ ይጨመራል። ክኒኑ ብቻውን ግን ምንጩን አያጠፋም፤ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፣ መግሉ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ለፅንሱ የሚያሰጋው የተተወው ቁስለት ነው፤ ሕክምናው አይደለም።

ችግሩ በ34ኛው ሳምንት ቢደርስባትም መልሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው አቀማመጧ ነው። ወንበሩ ከፊል ቀና ይላል፤ ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ ገብቶ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ሥራው በአጭሩ ይከወናል፤ ስትነሳም ቀስ ብላ ትነሳለች። ማዞር ከጀመራት ሥራው ቆሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ጎኗ ትዞራለች።

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተዛመተ፣ አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ጉዳዩ ከጥርስ ክሊኒክ ያለፈ ነው፤ በየትኛውም ሳምንት፣ በየትኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ። የሄደችበት ባለሙያ ሁሉ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ስንተኛ ሳምንቷ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድና የደም ግፊቷ በክትትል ምን እንደተባለ ትንገረው፤ የክትትል ካርዷንም ይዛ ትሂድ።