የታችኛው ቅጠል ለምን ቢጫ ይሆናል? እርጅና ነው ወይስ የውሃ ብዛት?

በመኝታ ቤታችን መተላለፊያ ላይ በትልቅ የዘይት ቆርቆሮ የተተከለ አንድ የጎማ ዛፍ አለ። ውሃ የማጠጣቱ ተራ የእኔ በነበረበት ጊዜ ለጥቂት አመለጠ እንጂ ሞቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሁን እንጂ ከጥፋቱ የተማርኩት ነገር ነገ በየትምህርት ቤታችን ስለ ተክል ስናስተምር ይጠቅመናልና እነሆ ጻፍኩት።

የጎማ ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ኤላስቲካ ይባላል። የመጣው ከእስያ ቢሆንም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ከዋርካና ከሾላ ጋር አንድ ወገን ነው። ቅጠሉን ብትቆርጡት እንደነሱ ነጭ ወተት ያወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነበር

በበጋው ወራት በየማለዳው አንድ ኩባያ ውሃ አጠጣው ነበር። ተክሉም ደህና ነበር። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በረታ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ መተላለፊያውም ቀዘቀዘ። እኔ ግን ያችኑ አንድ ኩባያ አላቋረጥኩም። በመጀመሪያ ከሁሉ ታች ያለው ቅጠል ቢጫ ሆነ። «አርጅቶ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ከነበሩት 17 ቅጠሎች 5 ቢጫ ሆኑ፤ የቀሩትም ጠወለጉ። የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጠምቶታል፣ ጨምርለት እንጂ» አሉኝ። እኔም ጨመርኩ። ባሰበት።

ሁለቱም ለምን ከታች ይጀምራሉ?

የቅጠል አረንጓዴነት የሚመጣው ክሎሮፊል ከሚባለው ሐመልሚል ነው። ተክሉ ክሎሮፊልንም ሆነ ብርሃን የሚይዙትን ፕሮቲኖች ለመሥራት ናይትሮጅን ያስፈልገዋል። ናይትሮጅን ደግሞ በተክል ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ የሚችል ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ተክሉ ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ እንቡጥ ይሰጣል። ክሎሮፊሉ ሲፈርስ ቀድሞም በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ቢጫ ቀለም ብቻውን ይታያል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያደግን ልጆች ይኸን በበቆሎ ላይ እናውቀዋለን፤ መሬቱ ሲደኸይ ቢጫው ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ተነሥቶ በመሐል አጥንቱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል።

እርጅና ሲሆን ተክሉ ይኸን የሚያደርገው በራሱ ጊዜ ነው። የታችኛው ቅጠል ከላይ ባሉት ተጋርዶ ብርሃን አያገኝም፤ ስለዚህ ንብረቱ ተሰብስቦ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያም በቅጠሉ እጀታ ሥር መለያ ሽፋን ይሠራና ቅጠሉ ንጹሕ ጠባሳ ትቶ ይወድቃል።

ውሃ ሲበዛ ግን ነገሩ ከሥር ይጀምራል። ሥር እንደ እኛ ይተነፍሳል። ኦክስጅን የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው አየር ነው። ያ ክፍተት በውሃ ሲሞላ ኦክስጅን የሚደርሰው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳልና። ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፣ ይበሰብሳል። የሞተ ሥር ናይትሮጅን አያመጣም፤ ተክሉም ከታችኛው ቅጠል መበደር ይጀምራል። ውሃም ስለማያመጣ ተክሉ በውሃ መሐል ቆሞ ይጠወልጋል። እናታችንን ያሳሳታቸው፣ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው፤ የጠወለገ ሁሉ የተጠማ አይደለም።

እንግዲህ «ከታች ጀመረ» የሚለው ምልክት ብቻውን ምንም አይፈርድም።

እንዴት እንለያቸው?

አንደኛ፣ ብዛቱንና ፍጥነቱን ቁጠሩ። በመምህራን ክፍል ያለው ሌላው የጎማ ዛፍ በዚያው ሰኔ የጣለው አንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ ከላይ ደግሞ አዲስ ቅጠል እየዘረጋ ነበር። ይኸ እርጅና ነው። የእኛው በ10 ቀን 5 ጣለ፤ የላይኛው እንቡጥም ቆሞ ቀረ። ይኸ በሽታ ነው።

ሁለተኛ፣ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ላይ ላዩን ማየት አይበቃም፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ውሃ ከጠጣ ብዙ ቀን አልፎት አፈሩ አሁንም የሚያጣብቅ ከሆነና ቅጠሉ ከጠወለገ ጥማት አይደለም። ጥማት ቢሆን አፈሩ ከቆርቆሮው ግድግዳ ይላቀቃል፣ ቆርቆሮውም ሲነሣ ይቀላል፣ የቅጠሉም ጠርዝ ደርቆ ይንኮሻኮሻል።

ሦስተኛ፣ ከተጠራጠራችሁ ተክሉን ከነአፈሩ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛ ሥር ጫፉ ነጣ ያለ፣ ሲጫኑት ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ሥር ቡናማ፣ ልፍስፍስ ነው፤ ሲስቡት ልጡ ተገፎ እንደ ክር ያለ ነገር በእጅ ይቀራል። ሽታውም ይከረፋል። እርጅና ሥር አይነካም። ይኸ ምልክት ከሁሉ ይበልጥ የታመነ ነው።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ብርሃን በጣም ያነሰው ተክልም ብዙ የታች ቅጠል ሊጥል ይችላል፤ የዚያን ጊዜ ሥሩ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ አዲሱ ግንድም ቀጥኖ ወደ መስኮት ይንጠራራል።

ምን አደረግን?

ባዮሎጂ የሚያስተምሩን መምህር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የቆርቆሮውን ቂጥ አይተኸዋል?» ብንገለብጠው ለካስ ቀዳዳ የለውም! ታች የተደረደረው ጠጠር ያስተነፍሰዋል ብለን ነበር፤ ነገር ግን መውጫ ከሌለ ውሃው ጠጠሩን ሞልቶ ወደ አፈሩ ይመለሳል። በጋ ላይ ተክሉ ኩባያዋን ጠጥቶ በቅጠሉ ያተን ስለነበር ጉዳቱ አልታየም። ሰኔ ላይ ብርዱና ደመናው ትነቱን ሲቀንሱት ትርፉ ታች ተጠራቀመ። ይኸን ለአባቴ ባጫውታቸው፣ «ታዲያ ማሳ ላይ ፈሰስ የምናወጣው ለምን መሰለህ? ጤፉም ውሃ ሲተኛበት እንዲሁ ቢጫ ይሆናል» አሉኝ።

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ምላጭ ቆረጥን፤ ወተቱ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጃችንን ታጠብን። በቆርቆሮው ቂጥ በሚስማር እርሳስ የሚያስገቡ 6 ቀዳዳዎች በሳን። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ደባልቀን እንደገና ተከልነው። ማዳበሪያ አልጨመርንም፤ የታመመ ሥር አይችለውም። ከዚያ ወዲያ ውሃ የምናጠጣው በቀን ቆጠራ ሳይሆን ጣት ሲደርቅ ነው። ክረምቱን የጠበቁት እኚያው እናታችን ናቸው፤ ሐምሌን በሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳጠጡት ነገሩኝ።

ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች አልተመለሱም፤ አንዴ ክሎሮፊሉን ያስረከበ ቅጠል አይለመልምም። ሁለት ተጨማሪ ቅጠልም ረገፈ። በመስከረም ስንመለስ ግን 10 ቅጠል ቀርቶ ጫፉ ላይ ቀይ መጠቅለያ ያለው አዲስ እንቡጥ ወጥቶ አገኘነው።

ለክፍል ሙከራ የምትፈልጉ ካላችሁ በሁለት ጣሳ ባቄላ ዝሩ፤ አንዱን ብሱት፣ ሌላውን አትብሱት። ከበቀሉ በኋላ በየቀኑ እኩል ውሃ ስጧቸው። የትኛው ቅጠል በስንተኛው ቀን ቢጫ እንደሆነ ተማሪዎቹ ይመዝግቡ፤ በመጨረሻም ሁለቱንም ነቅለው ሥራቸውን ጎን ለጎን ያስተያዩ።