ለአርክቴክቸር ማስተርስ ፖርትፎሊዮ ስናዘጋጅ፦ ከሚያምረው ምስል በፊት ጥያቄው ይታይ

በውጭ አገር አርክቴክቸር ለመማር የሚያመለክት ተማሪ ከትራንስክሪፕቱና ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር ብዙውን ጊዜ ፖርትፎሊዮ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሠራነውን ሁሉ ሰብስበን፣ የሚያምሩ ረንደሮችን ፊት ላይ አድርገን እንልካለን። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ፖርትፎሊዮውን የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍሉ መምህራን ናቸው። ብዙ ፋይል ስለሚጠብቃቸው የመጀመሪያ እይታቸው አጭር ነው። የሚፈልጉት አመልካቹ ምን ጥያቄ እንዳነሳ፣ ወደ መልሱ በምን መንገድ እንደደረሰ፣ የትኛው ሥራ የራሱ እንደሆነ ነው። ረንደር ሕንፃው ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከአሥር ሥራ ይልቅ በደንብ የተብራሩ ሦስት ወይም አራት ሥራዎች ይበልጣሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህታችን ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል አዲስ ዲዛይን ሠርታ ነበር። በመጀመሪያው ፖርትፎሊዮዋ ሥራው ሁለት ገጽ ብቻ ነበረው፤ አንዱ የማታ ረንደር፣ ሌላው ለጁሪ ያቀረበችው የኤ1 ፖስተር ወደ ኤ4 ተጨፍልቆ። ያየ ሰው ኮሚናል ምን እንደሆነ እንኳ ሊገባው አይችልም፤ በውጭ ያለ መራጭ ደግሞ ቃሉንም ሰምቶት አያውቅም።

ሥራውን በስድስት ገጽ እንደገና አደራጀችው። በመጀመሪያው ገጽ የነባሩን ኮሚናል ፎቶ አስቀምጣ ጥያቄዋን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ከጭሱ እንዴት ይዳኑ? በዓረፋ ቀን በግ ሲታረድ የእጥበቱ ውኃ ወዴት ይሂድ? በሁለተኛው ገጽ ቦታው ላይ ተቀምጣ በእጇ የሣለችውን፣ ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚቆም የሚያሳየውን ንድፍ አስገባች። በሦስተኛው ሦስት አማራጮችን አቅርባ ሁለቱን ለምን እንደተወች በአጭሩ አስረዳች። በአራተኛው ፕላኑና የጭሱ መውጫ የሚታይበት ሴክሽን፣ በአምስተኛው አየር የሚያስገባው የብሎኬት ግድግዳ ዝርዝር፣ በመጨረሻው የካርቶን ሞዴሉ ፎቶና አንድ ረንደር ገቡ። ዲዛይኑ አልተለወጠም፤ አሁን ግን አንባቢው አሳቧን ከጥያቄ እስከ መልስ ይከተላል።

ፖስተርን ማሳነስ በብዛት የምናየው ድክመት ስለሆነ በስሌት እንየው። ኤ1 ወደ ኤ4 ሲወርድ ርዝመቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። 3 ሚሊሜትር የነበረ ፊደል 1 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አይነበብም። «1:100» ተብሎ የተጻፈው ፕላንም በእውነቱ 1:283 ያህል ስለሚሆን ጽሑፉ ሐሰት ይሆናል። መፍትሔው ሥዕሉን ለገጹ መጠን እንደገና ማዘጋጀት ነው፤ የመስመሮቹን ውፍረት ማስተካከል፣ ጽሑፉን መቀነስ፣ በቁጥር ፋንታ አብሮ የሚያድግና የሚያንስ የመስመር መለኪያ ማስቀመጥ። በፕላን ላይ የሰሜን አቅጣጫም አይረሳ።

ሌላው ከባድ ድክመት የቡድን ሥራን እንደ ግል ማቅረብ ነው። ይህ አማና ነው፤ ከዚያም በላይ ከአንድ ክፍል ሁለት ተማሪ አንድ ቦታ ቢያመለክት ወዲያው ይጋለጣል። በገጹ ጥግ «በአራት ሰው የተሠራ፤ የእኔ ድርሻ ሴክሽኑና ሞዴሉ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። መራጮች የቡድን ሥራን አይንቁም፤ የሚያስቸግራቸው የማን ድርሻ የት እንዳለ አለማወቃቸው ነው። በቢሮ ልምምድ ላይ የሠራነውንም ከቢሮው ፈቃድ ጠይቀን፣ ድርሻችንን ለይተን እናስገባ።

የገጽ ብዛትና የፋይል መጠን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ የእያንዳንዱን መመሪያ ከመጀመራችን በፊት እናንብብ። ፋይሉ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ ፎቶዎቹንና ረንደሮቹን በሚታተሙበት መጠን ወደ 150 dpi ማውረድ ለስክሪን ይበቃል። የመስመር ሥዕሎችን ግን ወደ ፎቶ አንቀይራቸው፤ በቬክተር ሲቆዩ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ሲጎላም መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከመላካችን በፊት ፖርትፎሊዮውን በኤ4 አትመን አርክቴክቸር ለማያጠና የዶርም ጓደኛ ለሁለት ደቂቃ እንስጠው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለን «ጥያቄው ምን ነበር? እኔስ ምን አደረግሁ?» ብለን እንጠይቀው። «ያምራል» ብቻ ካለ፣ ሥራው ገና አላለቀም።