በጨርቅ ኅትመት የድግግሞሽ ንድፍ ጉድለቶች፦ ጥግግት፣ አደራደርና መጋጠሚያ በቅደም ተከተል

መግቢያ

አብዛኛው በስክሪን የሚታተም ጨርቅ ጌጡን የሚያገኘው ከአንድ የተወሰነ ስዕል መደጋገም ነው። ይህ ስዕል የድግግሞሽ አሃድ ይባላል፤ በውስጡ የሚገኙት አበባ፣ ቅጠልና ፍሬን የመሰሉ ቅርጾች ደግሞ ሞቲፍ ይባላሉ። አሃዱ በሚገባ ሲሠራ የጨርቁ ተመልካች ስዕሉ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ መለየት አይችልም። ሳይሳካ ሲቀር ግን ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ፦ አሃዶቹ እንደ ወለል ንጣፍ ተለይተው ይቆጠራሉ፤ ሞቲፎቹ በአንድ ስፍራ ተጨናንቀው በሌላው ይሳሳሉ፤ በመጋጠሚያው ላይም የተቆረጠ ሐረግ ወይም የማይገናኝ ቅጠል ይታያል።

ሦስቱ ጉድለቶች ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ችግር ይታያሉ፤ እርማቱም ከመጋጠሚያው ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው። መጋጠሚያው ፍጹም የሆነ አሃድም ጥግግቱ ካልተስተካከለ ጨርቁ ላይ ንጣፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥግግት፣ ቀጥሎ የዋና ሞቲፎች አደራደር፣ በመጨረሻም መጋጠሚያ ሊታረም ይገባል። ስህተቱ ከታወቀ በኋላ የሚከፈለው ዋጋም ቀላል አይደለም፤ በሮታሪ ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የኒኬል ስክሪን ስለሚቀረጽ በአምስት ቀለም የታቀደ ንድፍ ሲበላሽ አምስት ስክሪኖች እንደገና መሠራት አለባቸው።

ጥግግትን መለካት

ለማሳያ የሚሆን አንድ ንድፍ እንውሰድ። ንድፉ 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው የመጋረጃ ጨርቅ የታሰበ ነው፤ በነጭ መደብ ላይ የቡና ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ አበባና ቀይ ፍሬ ይዟል። አሃዱ 32 በ32 ሳንቲ ሜትር ነው። የተለመደው የሮታሪ ስክሪን ዙሪያ 64 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ በአንድ ዙር ሁለት አሃዶች ሳይተርፉና ሳይጎድሉ ይገባሉ። ሠዓሊው ትልቁን ቅርንጫፍ መሀል ላይ አኑሮ ጠርዙን በትናንሽ ቅጠሎች ሞልቷል። ብቻውን ሲታይ ስዕሉ ሚዛኑን የጠበቀ ነው።

አሃዱን በ16 እኩል ክፍሎች ከፍለን በእያንዳንዱ ክፍል ቀለም የሸፈነውን ስፋት በመቶኛ ብንለካ የሚከተለውን እናገኛለን እንበል፦

| | 1ኛ ዓምድ | 2ኛ ዓምድ | 3ኛ ዓምድ | 4ኛ ዓምድ |
|---|---|---|---|---|
| 1ኛ ረድፍ | 22 | 30 | 28 | 21 |
| 2ኛ ረድፍ | 31 | 54 | 49 | 29 |
| 3ኛ ረድፍ | 30 | 52 | 50 | 32 |
| 4ኛ ረድፍ | 20 | 33 | 27 | 20 |

የጠቅላላው አማካይ 33 በመቶ ነው። ችግሩ የሚገለጠው አሃዱ ሲደጋገም ነው። የአንዱ አሃድ የታችኛው ረድፍ ከሚከተለው አሃድ የላይኛው ረድፍ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አማካይ ሽፋኑ 25 በመቶ የሆነ የሳሳ መቀነት ይፈጠራል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው መቀነት 41 በመቶ ነው። በቁመትም እንዲሁ ነው፤ አራተኛውና አንደኛው ዓምድ ሲገናኙ አማካያቸው 26 በመቶ ግድም፣ የመሀሎቹ ግን 40 በመቶ ነው። አራቱ ማዕዘኖች በሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ ሽፋኑ ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ በየ32 ሳንቲ ሜትሩ ባዶ የሚመስል ጉድጓድ፣ በጉድጓዶቹ መካከልም የጠቆረ ክምር ይታያል። ከሦስትና ከአራት ሜትር ርቀት ላይ ዓይን ቅጠሉን ሳይሆን ይህንን የብርሃንና የጥላ ቅያሬ ያነባል። ንጣፍ ሆኖ የሚታየውም ይኸው ነው።

ልኬቱን በእጅ መሥራት አያስፈልግም። መደቡ ፍጹም ነጭ ለሆነና ስፋቱ 3200 በ3200 ፒክስል ለሆነ ፋይል የሚከተለው አጭር ፕሮግራም ሠንጠረዡን ይሰጣል፦

```python
import numpy as np
from PIL import Image
a = np.array(Image.open("tile.png").convert("L")) < 250
d = a.reshape(4, 800, 4, 800).mean(axis=(1, 3))
print((d * 100).round())
```

ኮምፒውተር በሌለበትም አሃዱን ሦስት በሦስት አድርጎ ማተምና ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዓይንን ከፈት ጨፈን አድርጎ ከሩቅ ማየት ተመሳሳይ ፍርድ ያስገኛል። ዝርዝሩ ሲደበዝዝ የቀረው መቀነት ወይም ጉድጓድ ከሆነ ጉድለቱ የጥግግት ነው።

ሐፍ ድሮፕ የሚፈታውና የማይፈታው

ለንጣፍ ዕይታ በተለምዶ የሚሰጠው መፍትሔ ሐፍ ድሮፕ ነው፤ ይኸውም ተከታዩን ዓምድ በአሃዱ ግማሽ ቁመት ዝቅ አድርጎ መግጠም ነው። በምሳሌያችን ዝቅታው 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ውጤቱን በሠንጠረዡ ማስላት ይቻላል። አሁን አንደኛው ረድፍ ከጎኑ ካለው አሃድ ሦስተኛ ረድፍ ጋር፣ ሁለተኛውም ከአራተኛው ጋር በአንድ መስመር ይውላሉ። የሁለቱም ጥንዶች አማካይ ወደ 33 በመቶ ስለሚቃረብ አግድም የነበረው መቀነት ይጠፋል።

በቁመት ያለው መቀነት ግን አይነካም። ዓምዱ ወደ ታች ሲንሸራተት በውስጡ ያለው የሽፋን መጠን አይለወጥም፤ የሳሳው ዓምድ እንደሳሳ፣ የጠቆረውም እንደጠቆረ ይቀጥላል። ለምሳሌነት የወሰድነው ጨርቅ መጋረጃ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሰንበር በግልጽ ይታይበታል። ስለዚህ ሐፍ ድሮፕ ጥግግቱ አስቀድሞ ለተስተካከለ አሃድ ጥሩ አጋዥ ነው እንጂ የተዛባ ጥግግትን የሚያርም አይደለም።

ባዶውን ስፍራ በትናንሽ ቅጠሎች መሙላትም በቂ አይሆንም። የሽፋኑ መቶኛ ይስተካከል ይሆናል፤ ነገር ግን በአንድ በኩል አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ፣ በሌላው በኩል ብዙ ደቃቅ ቅጠል ይቀራል። ዓይን መጠንን ከሽፋን ለይቶ ያያልና ትልቁ ቅርንጫፍ በየ32 ሳንቲ ሜትሩ መቆጠሩን ይቀጥላል።

ዋና ሞቲፎችን በሳቲን ሥርዓት ማደራደር

ለዚህ የሚበጀው ዘዴ ከሽመና የተገኘ ነው። በአምስት ክር ሳቲን እያንዳንዱ ድር በአምስት ማግ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይታሰራል፤ የማሰሪያ ነጥቦቹም ጎን ለጎን ስለማይውሉ በትዊል ላይ የምናየው ሰያፍ መስመር ጎልቶ አይወጣም። ይህንኑ ሥርዓት ለሞቲፍ ማዋል ይቻላል።

አሃዱ በአምስት ዓምድና በአምስት ረድፍ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 6.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያም በአንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ፈንታ አምስት መካከለኛ ቅርንጫፎች ይሣላሉ። የመጀመሪያው በአንደኛው ዓምድ አንደኛ ረድፍ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው ዓምድ ሦስተኛ ረድፍ፣ የቀሩትም በቅደም ተከተል በአምስተኛው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ረድፍ ላይ ማዕከላቸውን ያደርጋሉ። በዚህ አደራደር እያንዳንዱ ረድፍና እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ዋና ሞቲፍ ብቻ ያገኛል፤ ፈጽሞ የሳሳ ወይም የተጨናነቀ መቀነት የሚፈጠርበት ምክንያት አይኖርም። በአጎራባች ቅርንጫፎች ማዕከላት መካከል ያለው ርቀት 14.3 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው።

ዘዴው ሁለት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ አምስቱ ቅርንጫፎች አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይገባም። አንዱን ሥሎ አራት ጊዜ መቅዳት ዓይን የሚቆጥረውን አሃድ ከ32 ወደ 14.3 ሳንቲ ሜትር ከማውረድ በስተቀር ፋይዳ የለውም፤ ንጣፉ ይበልጥ ደቃቅ ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የቅርንጫፎቹ ዘንግ ወደ ተለያየ አቅጣጫ መዞር አለበት። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ የሳቲኑ ነጥቦች በሰያፍ ተያይዘው መስመር ይሠራሉ። አምስቱ ከተቀመጡ በኋላ ቅጠልና ፍሬ በመካከላቸው ይሞላል፤ ሠንጠረዡም እንደገና ይለካል። በእንዲህ ያለ ንድፍ ከአማካዩ አምስት ነጥብ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ልዩነት ቢታይ አይጎዳም። ልዩነቱን ጨርሶ ማጥፋትም አይፈለግም፤ ፍጹም እኩል የሆነ ሽፋን ሞቲፉን ከመደቡ ሳይለይ አደብዝዞ ያስቀረዋል።

መጋጠሚያ

በሳቲን አደራደር አንዳንድ ቅርንጫፎች የአሃዱን ጠርዝ ተሻግረው መሄዳቸው የግድ ነው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ጠርዙን እንደ ክፈፍ ፈርቶ መሸሽ ነውና መጀመሪያ የሳሳውን መቀነት የፈጠረው። በፎቶሾፕ `Filter > Other > Offset` ከተከፈተ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ 1600 ፒክስል ተሰጥቶ `Wrap Around` ሲመረጥ ጠርዞቹ ወደ መሀል ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ የሚመረመረው የመስመሩ መገናኘት ብቻ አይደለም። ሐረጉ በተገናኘበት ነጥብ ላይ ውፍረቱና ዝንባሌውም አንድ መሆን አለበት፤ ነጥቡ ተገናኝቶ ዝንባሌው ከተለየ በጨርቁ ላይ እንደ ተሰበረ ክርን ይታያል።

የፋይሉ መጠንም መጋጠሚያን ሊያበላሽ ይችላል። 32 ሳንቲ ሜትር በኢንች 300 ፒክስል ሲሰላ 3779.5 ፒክስል ይሆናል። ግማሽ ፒክስል ስለማይኖር ፕሮግራሙ ያጠጋጋዋል፤ ቅርጾቹ በትክክለኛው ልክ ተሥለው ከሆነ በጠርዙ ላይ ከፊል ግልጽ የሆነ ረድፍ ሊቀርና ሲደጋገም ቀጭን የገረጣ መስመር ሊያወጣ ይችላል። በኢንች 254 ፒክስል ቢሠራ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር በትክክል 100 ፒክስል፣ አሃዱም 3200 ፒክስል ይሆናል።

ጨርቁ ከታተመ በኋላ መስመር ቢታይ ምንጩን በሜትር መለየት ይቻላል። ጉድለቱ በጨርቁ ርዝመት በየ32 ሳንቲ ሜትሩ የሚመለስ ከሆነ የመጣው ከንድፉ ፋይል ነው፤ በየ64 ሳንቲ ሜትሩ ከሆነ ግን ከስክሪኑ ነው፤ በተለይም ቅርጹ በስክሪኑ ዙሪያ ተጠቅልሎ ከሚዘጋበት ስፍራ ነው። የመጀመሪያውን ንድፍ አዘጋጁ፣ ሁለተኛውን ቀራጩ ያርማል። ይህ ልዩነት ሳይጣራ ንድፉን መለወጥ ትክክለኛውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከተው ምሳሌ ሦስቱ ጉድለቶች ከአንድ ልማድ፣ ማለትም አሃዱን ብቻውን እንደቆመ ስዕል ከማየት እንደሚመነጩ ያሳያል። ጥግግቱ በተለካና ዋና ሞቲፎቹ በተደራደሩ ጊዜ ጠርዙን የሚሻገሩት ቅርጾች አስቀድመው ስፍራቸውን ስለሚይዙ የመጋጠሚያው ሥራ ወደ ጥቂት ሐረጎች ማስተካከያ ይወርዳል። ዘዴው የሚያገለግለው ሞቲፋቸው ለተበታተነ ንድፎች ነው። ለሰንበርና ለመስቀለኛ መስመር ንድፎች መደጋገሙ ራሱ ጌጥ በመሆኑ የሚፈለገው መደበቁ ሳይሆን ልኩን መጠበቁ ነው። ተሰብስቦ ለሚሰፋ ቀሚስም ጥብቅነቱ ሊላላ ይችላል፤ እጥፋቱ የቀረውን መቀነት ይሰብረዋል። ተዘርግቶ ለሚታይ መጋረጃና አልጋ ልብስ ግን ሠንጠረዡ ስክሪን ከመቀረጹ በፊት ሊሠራ ይገባል።