ሽያጩ ደርቷል፣ ትርፉስ?

ጥያቄ፦ ጌጃ ሰፈር ሆኜ በቴሌግራም ጫማ እሸጣለሁ። አንዱ 2,000 ብር ነው፤ መግዣና ማድረሻው 1,500። ለፌስቡክ ማስታወቂያ 6,000 ብር ከፍዬ 9 ጫማ ሸጥኩ። ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሽያጭዎ 18,000 ብር፣ የማስታወቂያው ሦስት እጥፍ ነው። ሆኖም ከእያንዳንዱ ጫማ የሚተርፍዎ 500 ብር ስለሆነ የ9ኙ ትርፍ 4,500 ብቻ ነው፤ 1,500 ብር ከስረዋል። ወጪዎን ለመመለስ ብቻ የማስታወቂያውን አራት እጥፍ መሸጥ ነበረብዎ።

ገዢዎ ግዢውን የሚጨርሰው በስልክና በቴሌብር ከሆነ ፌስቡክ ሽያጩን አያየውም። ስለዚህ ለማስታወቂያው ብቻ የተለየ ስልክ ቁጥር ይስጡ፤ የተከፈለበትን እንጂ «እወስዳለሁ» ያለውን አይመዝግቡ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውጤት ይዋዥቃል፣ ቸኩለው አይፍረዱ። ነገር ግን 1,500 ብር ወጥቶ አንድም ካልተሸጠ፣ ወይም ከሳምንት በኋላም ማስታወቂያው ለአንድ ጫማ ከ500 ብር በላይ ካስወጣዎ ያቁሙት። ጠያቂ በዝቶ ገዢ ከጠፋ ግን መጀመሪያ ዋጋዎንና የመልስዎን ፍጥነት ይፈትሹ። ግብርና ኪራይ ሲጨመር ስሌቱ ይለወጣልና ለዚያ የሂሳብ ባለሙያ ያማክሩ።