ክለሳን ለሁለት መክፈል፦ ለአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ የዲሴክሽን ቀን የጥናት መርሐ ግብር

የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ጠዋት ሌክቸር፣ ከሰዓት በኋላ ዲሴክሽን፣ ማታ ደግሞ ንባብ ይጠብቀዋል። ብዙውን ጊዜ ክለሳው በሙሉ ወደ ማታ ይገፋል። በዚህም ምክንያት ተማሪው ሳይዘጋጅ ወደ አስከሬኑ ይቀርባል፤ ሲመሽም በደከመ አእምሮ ማስታወሻውን ደጋግሞ ያነባል። ይህ ጽሑፍ ክለሳው ከዲሴክሽን በፊትና በኋላ ተብሎ ለሁለት ሊከፈል እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

የዕለቱ ርዕስ ብብት ነው እንበል። ሌክቸር ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ዲሴክሽን ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ይሰጣል። ተማሪው ከምሳ በኋላ፣ ከ7፡15 እስከ 7፡40፣ አትላሱን ገልጦ የሚፈልጋቸውን አምስት ነገሮች ብቻ ይመዘግባል፤ እነርሱም የብብት ደም ቅዳ፣ እንዲሁም ሙስኩሎኪዩቴኒየስ፣ ሚዲያን፣ አልናርና ራዲያል ነርቮች ናቸው። ይህ ዝግጅት የሚያስፈልገው አትላስ ደም ቅዳን በቀይ፣ ነርቭን በቢጫ ስለሚለይ ነው። በፎርማሊን በቆየ አስከሬን ላይ ግን ቀለሞቹ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ መለያው አቀማመጥ ነው። ኮራኮብራኪያሊስ የተባለውን ጡንቻ በስቶ የሚያልፈው ነርቭ ሙስኩሎኪዩቴኒየስ ነው። እርሱን ወደ ኋላ የተከተለ ተማሪ ከደም ቅዳው ፊት ለፊት የ«ኤም» ፊደል ቅርጽ ያገኛል፤ መካከለኛው ሚዲያን፣ በውስጥ በኩል ያለው አልናር ነው። ራዲያል ከደም ቅዳው በስተ ኋላ ይገኛል።

ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 1፡30 ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ያየውን በባዶ ወረቀት ላይ ይስላል። እስከ 2፡15 ድረስ ሥዕሉን ከአትላሱ ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን በቀይ ያርማል። አልናርን ከውጪው ኮርድ አውጥቶ ስሎት ከሆነ፣ ስሞቹን ቢያውቅም ግንኙነታቸውን እንዳልያዘ ይታወቃል። ከ2፡30 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ለጠዋቱ ሌክቸር የተጠበቀ ነው። የዲሴክሽኑ እርማት ባያልቅ እንኳ ይህን ሰዓት መውሰድ የለበትም፤ የቀረው ወደ ቅዳሜ ይተላለፋል። አለበለዚያ የፊዚዮሎጂ ትምህርት በየሳምንቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ማስታወስን ከንባብ የማስቀደም ሐሳብ መሠረት አለው። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ተሽለው ተገኝተዋል፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን በማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት በልጠዋል። ማታ ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ትምህርቱ የገባው የሚመስለውም ስለዚህ ነው። በመሆኑም ያው ሥዕል ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል እንደገና ይሳላል።

መርሐ ግብሩ ወሰን አለው። ሥዕል የነርቮችን ግንኙነት እንጂ በአስከሬን ላይ የመለየት ችሎታን አይፈትንም። በተግባር ፈተና የሚጠየቀው ምልክት የተሰካበትን አካል ለይቶ መሰየም በመሆኑ፣ ከዲሴክሽኑ ሰዓት የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ተማሪዎች አንዱ እያሳየ ሌላው ስሙን እየጠራ እርስ በርስ ለሚጠያየቁበት ልምምድ መተው አለባቸው።