ከጉልበት በታች የተቆረጠ እግር፦ የቀሪው እግር ርዝመት፣ እንክብካቤና የሰው ሠራሽ እግር ልኬት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለስ ገበሬ እግሩ ከጉልበት በታች ሲቆረጥ፣ ረጅም ቀሪ እግር ሁልጊዜ አይጠቅመውም። የቅልጥም የታችኛው ሲሶ ሥጋው ስስ በመሆኑ በሶኬቱ ውስጥ በቀላሉ ይቆስላል። ጤናማ ሥጋ ካለ፣ ከጉልበት መጋጠሚያ በታች ከ12 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ማስቀረት ይመረጣል። የአጥንቱ የፊት ጠርዝ ይሞረዳል፤ ጫፉም በባት ሥጋ ይሸፈናል።

ለምሳሌ 15 ሳንቲ ሜትር የቀረለት ታካሚ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ ከሰነበተ ጉልበቱ ታጥፎ ይደርቃል፤ የርዝመቱ ጥቅምም ይቀንሳል። ስለዚህ ጉልበቱን ዘርግቶ ይተኛል። ፋሻው ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ተደርጎ ይጠቀለላል። የቀሪው እግር ዙሪያ በተከታታይ ሲለካ መቀነሱን ካቆመ በኋላ ቋሚው ሶኬት ይሠራል።

ሶኬቱ ክብደቱን በዋናነት የሚያሳርፈው ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ እንጂ በአጥንቱ ጫፍ ላይ አይደለም። ቀሪው እግር ውሎ አድሮ ሲከሳ ወደ ሶኬቱ ይሰምጣል፤ ጫፉም ያማል። በዚህ ጊዜ ካልሲ ይደረባል። ሶኬቱ ከወለቀ በኋላ የጫፉ ቅላት በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ግን ሶኬቱ መስተካከል አለበት። ከባለሙያ ርቆ የሚኖር ታካሚ ይህን ምልክት ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ሊማር ይገባል።