የመዝሙር ርእስና መግለጫ አጻጻፍ፤ የግጥሙን ደራሲ ስለ መጥቀስ

የዳዊትን መዝሙር ዘወትር የሚደግም ምእመን ከእያንዳንዱ መዝሙር አስቀድሞ የተጻፈችውን አጭር ቃል ብዙ ጊዜ በዓይኑ ብቻ አይቶ ያልፋታል። በብራና መጻሕፍት ላይ ይህች ቃል አዘውትራ በቀይ ቀለም ትጻፋለች። ሳትነበብ የምትታለፍ ብትሆንም ሦስት ነገር ትነግረናለች። መጀመሪያ ደራሲውን ታስታውቃለች፤ ይህ የአሳፍ ነው፣ ያ የቆሬ ልጆች ነው፣ በግእዙ አቆጣጠር 89ኛው ደግሞ የሙሴ ጸሎት ነው ትላለች። ሁለተኛ መዝሙሩ የተደረሰበትን ምክንያት ታስረዳለች፤ 50ኛው መዝሙር ነቢዩ ናታን ንጉሡን ከገሠጸው በኋላ የተደረሰ መሆኑን የምናውቀው በእርስዋ ነው። ሦስተኛም አንዳንድ ጊዜ ለመዘምራኑ አለቃ የአዘማመሩን ሥርዓት ታመለክታለች።

ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በበዓል ቀን የዘመሩትን መዝሙር ቀርጸው በዩቲዩብ ላይ ሲጭኑ፣ ከመዝሙሩ በላይ የሚጻፈው ርእስና ከበታቹ የሚጻፈው መግለጫ የዚያችን የቀይ ቀለም ጽሑፍ ሥራ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መዝሙሩ በብዙ ጾምና ጥናት ይዘጋጃል፤ ርእሱ ግን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ በስልክ በአምስት ደቂቃ ይጻፋል። በዚህ ጥድፊያ የሚደርሰው ጉዳት ሁለት ነው፤ አንደኛው መዝሙሩ ፈላጊ እያለው ሳይገኝ መቅረቱ ነው፤ ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ የደራሲው ድካም ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው።

ስለ ርእሱ እንጀምር። መዝሙር የሚፈልግ ሰው የሚያስታውሰው ምንድን ነው? የአዝማቹን የመጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ቃላት ነው። በማኅበር ላይ ወይም በንግሥ ሰምቶ ቤቱ ከገባ በኋላ በአፉ ላይ የቀረችውን ያችን ቃል ይጽፋል። ስለዚህ ርእሱ በአዝማቹ ቃል፣ ያውም ልክ እንደሚዘመረው መጀመር አለበት። «ልብ የሚነካ»፣ «ሰምቶ የማያለቅስ የለም»፣ «የዓመቱ ምርጥ» የሚሉት ቃላት ግን ለጉልላት እንደ ተለጠፈ የገበያ ማስታወቂያ ናቸው። ማንም ሰው እነዚህን ጽፎ መዝሙር አይፈልግም፤ በዚያም ላይ ምስጋና የቀረበላትን እመቤት ትተው የሰሚውን እንባ ያስቀድማሉ።

ከአዝማቹ ቀጥሎ መዝሙሩ ስለ ማን እንደ ቀረበ፣ ከዚያም ማን እንደ ዘመረው ይጻፍ። ርእሱ ከ100 ፊደል እንዲያልፍ ስለማይፈቀድና በስልክ መስኮት ላይ ደግሞ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል። የደብሩን ረጅም ስም አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው መዝሙሩ ከሚቆረጠው ክፍል ውስጥ ይወድቅበታል። ቦታ ለማትረፍ ሲባል ግን «እ/ር»፣ «ቅ/ማርያም»፣ «ሰ/ት/ቤት» እያሉ ማሳጠር አይገባም፤ የአምላክንና የቅዱሳንን ስም መቆራረጥ ለክብራቸው አይስማማም፤ ፈላጊውም ሙሉውን ስም ስለሚጽፍ የተቆረጠውን አያገኘውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት በዓል የተዘመረ፣ አዝማቹ «ከኪዳንሽ ጥላ ሥር» ብሎ የሚጀምር መዝሙር አለ እንበል። የደብሩን ስም እገሌ እንበለው፤ ርእሱም እንዲህ ይሆናል፦

«ከኪዳንሽ ጥላ ሥር – የኪዳነ ምሕረት መዝሙር – የእገሌ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን»

ይህ በክፍት ቦታው ጭምር ቢቈጠር 59 ፊደል ነው። ምንም አልተቆረጠም፤ ትርፍ ቃልም የለበትም።

አሁን የፊደላችን ነገር ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ሰው «ምሕረት» የሚለውን በሐመሩ ሐ፣ «ሥር» የሚለውንም በንጉሡ ሠ እንዲጽፍ ተምሯል፤ ደግሞም ይገባል። ነገር ግን በስልክ የሚፈልገው ብዙው ሰው «ምህረት» እና «ስር» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም «ኪዳነምህረት» ብሎ ሁለቱን ቃል ያጋጥማል። ለጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ፊደላት በኮምፒዩተር ዘንድ እንደ መ እና ረ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ መፈለጊያው ዘወትር አንድ ያደርጋቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። እንግዲህ ርእሱን ለማስገኘት ብለን ፊደሉን እናበላሽ? ይህ የሚገባ አይመስለኝም፤ ሕፃናት የእመቤታችንን በዓል ስም አጻጻፍ ከዚያ ርእስ ላይ ያጠኑታልና። ርእሱ በትክክለኛው ፊደል ይጻፍ፤ የተለመደው አጻጻፍ ግን በመግለጫው ውስጥ «በሌላ አጻጻፍ» ተብሎ አንድ ጊዜ ይግባ። በውጭ አገር ተወልደው ቋንቋውን እየሰሙ ፊደሉን ላልለመዱ ልጆችም እነርሱ በሚጽፉበት በላቲን ፊደል አንድ መስመር ይጨመርላቸው።

መግለጫው ሰፊ ቦታ አለው፤ ሙሉውን ግጥም ይችላል። ሆኖም ሰሚው «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነካ በቀር የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት መስመሮች ብቻ ነው። ስለዚህ የደራሲው ስም በመጨረሻ፣ ከስልክ ቍጥርና ከባንክ ሒሳብ በታች ሊቀበር አይገባውም። የምሳሌያችን መግለጫ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ከኪዳንሽ ጥላ ሥር፤ ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል የቀረበ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር።

ግጥም፦ መሪጌታ እገሌ፤ በፈቃዳቸው የቀረበ። ዜማ፦ ወይዘሮ እገሊት። ዝማሬ፦ የእገሌ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን።

3ኛው አንቀጽ በደራሲው ፈቃድ በመዘምራኑ የተጨመረ ነው።

በሌላ አጻጻፍ፦ ከኪዳንሽ ጥላ ስር፣ የኪዳነምህረት መዝሙር።

Ke Kidanesh Tila Sir, Kidane Mehret Mezmur, Ethiopian Orthodox Tewahedo»

ከዚህ በኋላ ግጥሙ በሙሉ ይከተላል። በዚህ ስፍራ የታወቁ ዘማርያንን ስም ደርድሮ ፈላጊን ለመሳብ የሚሞክር አለ፤ ይህ ሐሰት ከመሆኑም በላይ የዩቲዩብ ደንብ ራሱ የሚከለክለው ነው።

ግጥም፣ ዜማና ዝማሬ ተለያይተው መጻፋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ነገር ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት መዝሙሩን መጀመሪያ ዘምሮ ያሳወቀውን ሰው የግጥሙ ደራሲ አድርጎ መጻፍ ነው። እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የመዘምራን ክፍል አንዲት መዝሙር ሲጭን «ግጥምና ዜማ የኅብረቱ» ብሎ ጻፈ። ግጥሙን የደረሱት ግን ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ደብር ያገለገሉ፣ በኋላም ዓይናቸው የፈዘዘ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ልጃቸው መዝሙሩን በስልክ ከፍታ አሰማቻቸው፤ ቃሉን ሲሰሙ ደስ አላቸው። በኋላ መግለጫውን ስታነብላቸው ግን ዝም አሉ፤ «ደግ፣ ከተዘመረ ይበቃል» ብቻ አሉ። ልጅቱ የመዘምራኑን ኃላፊ ባነጋገረች ጊዜ ስሙ በዚያው ቀን ተስተካከለ። ሆኖም ሌሎች ሰዎች መዝሙሩን ከነመግለጫው ገልብጠው በየስፍራው ጭነውት ስለ ነበር ስሕተቱ እስካሁን አልጠፋም።

ደራሲውን ለማወቅ መንገዱ ሩቅ አይደለም። መዝሙሩ ቀድሞ በካሴት ወይም በሲዲ ወጥቶ ከሆነ ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ» የሚል መስመር ይገኛል። የቀድሞ መዘምራንን መጠየቅ፣ የክፍሉን አሮጌ የመዝሙር ደብተር ማገላበጥም ይረዳል። ተጠይቆ ካልተገኘ «ደራሲው የሌለው» ወይም «የሁላችን» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ «የግጥሙን ደራሲ ጠይቀን አላገኘንም፤ የሚያውቅ ይንገረን» ማለት እውነቱን ይናገራል፤ የሚያውቀውንም ሰው ይጠራል። ቃሉ ከመጻሕፍት የተወሰደ ከሆነ መጽሐፉና ክፍሉ ይጠቀስ፤ ለምሳሌ ከውዳሴ ማርያም የሰኞው፣ ወይም ከዳዊት ይህን ያህልኛው መዝሙር ይባል። ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ካለም እርሱ ለብቻው ይጻፍ።

«ስሜ አይጠራ» የሚል ደራሲ ሲያጋጥም ምን ይደረግ? ይህ በአገልጋዮች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቍጥር 410 እንኳ ለደራሲ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅን መብት ሲሰጥ፣ ስሙን ሳይገልጽ ወይም በብዕር ስም የመቅረትንም መብት አብሮ ሰጥቶታል። የአባቶቻችንም ልማድ መልካም መንገድ ያሳያል፤ የብራና ጸሐፊዎች በመጽሐፉ ላይ የክርስትና ስማቸውን አኑረው አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው ይለምኑ ነበር። ስለዚህ ደራሲው ከፈቀደ በክርስትና ስሙ ቢጻፍ ትሕትናውም ይጠበቃል፤ ሥራውም የሌላ ሰው አይባልም።

አንድ ነገር ግን ይለይ፤ ስም መጥቀስና ፈቃድ ማግኘት አንድ አይደሉም። በዚሁ አዋጅ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ ስለዚህ «ስሙን ጽፈናል» ማለት ብቻውን አያድንም። በሕይወት ካለ እርሱን፣ ካረፈም ወራሾቹን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንቀጽ መጨመር ወይም ቃል መለወጥ ሲታሰብ ደግሞ ይልቁን።

መዝሙሩ ከተጫነ በኋላ ጥቂት ቀናት ቈይቶ መፈተን ይገባል። ጫኙ በራሱ ስልክ ቢፈልግ ዩቲዩብ የሚያውቀውን ሰው ቶሎ ወደ ሥራው ስለሚመራው ፈተናው አያስተማምንም፤ ስለዚህ መዝሙሩን ያልከፈተ ሌላ ሰው ስልክ ይያዝ። መጀመሪያ አዝማቹን በትክክለኛው ፊደል፣ ከዚያ በተለመደው አጻጻፍ፣ በመጨረሻም በላቲን ፊደል ይጻፍበት። ባንዱ ተገኝቶ በሌላው ካልተገኘ የጎደለው አጻጻፍ መግለጫው ውስጥ ይግባ። ርእስንና መግለጫን ማረም የመዝሙሩን አድራሻ አይለውጠውም፤ አጥፍቶ እንደ ገና መጫን ግን ይለውጠዋል፤ ቀድሞ የተላከላቸውም ሰዎች ባዶ ገጽ ያገኛሉ። ለየካቲት 16 የሚፈለገው መዝሙርም ፈተናው ከበዓሉ አስቀድሞ እንዲያልቅ ቢያንስ በየካቲት መጀመሪያ ሊጫን ይገባዋል።